ለከንቲባ የተጻፈ አቤቱታ ለምን ተመልሶ ቀበሌ ይገባል?

«የደሴ ነዋሪ ነኝ። ቤታችን ከጦሳ ግርጌ ተዳፋት ላይ ነው። ከበላያችን ያለው ጎረቤታችን ካቻምና መጋቢት የአጥር ግንቡን ወደ መተላለፊያው ገፍቶ ሲሠራ የጎርፍ ቦዩን ደፈነው። ሁለት ክረምት ጎርፉ ጓዳችን ድረስ ገባ። ቀበሌ ብሄድ ክፍለ ከተማ ሂጂ፣ ክፍለ ከተማ ብሄድ ከቀበሌ አጽፈሽ ነይ አሉኝ። በመጨረሻ ለከንቲባው ጽፌ አስገባሁ፤ ደብዳቤው በሦስተኛው ሳምንት ተመልሶ እዚያው ቀበሌ ደረሰ ተባልሁ። ዞን ልሂድ? የሚወስነው ማን ነው?»

ጠያቂያችን፣ ደብዳቤዎ አልጠፋም፤ ንቀትም አልደረሰበትም። አቤቱታ በከተማ አስተዳደር ውስጥ የሚጓዝበትን የተለመደ መንገድ ነው የተጓዘው። እኔ በወሎ ከተሞች በማዘጋጃ ቤት የሕግ ሥራ ብዙ ዓመት ስለቆየሁ፣ እንዲህ ያለው ወረቀት በእጄ ሲያልፍ ኖሯል። የመዝገብ ቤት ሠራተኛዋ ማመልከቻውን ተቀብላ ገቢ ቁጥርና ቀን ትሰጠዋለች፤ በማግስቱ ከሌሎች 20 እና 30 ወረቀቶች ጋር ለኃላፊው ይቀርባል። ኃላፊው የመጀመሪያዎቹን መስመሮች አንብቦ ጠርዙ ላይ «ለክፍለ ከተማው፤ አጣርታችሁ ምላሽ ይሰጥ» ብሎ ይፈርማል። ክፍለ ከተማው ደግሞ ከዚያችው ጽሑፍ ሥር «ለቀበሌው፤ ቦታው ታይቶ ይገለጽልን» ይልበታል። ይህ ምሪት ይባላል። ምሪት ሥራ ማከፋፈያ እንጂ ውሳኔ አይደለም፤ ስለዚህ ከላይ እስከ ታች 3 ፊርማ ያረፈበት ወረቀት በእጅዎ ቢኖርም፣ እስካሁን በጉዳዩ ላይ ማንም አልወሰነም ማለት ነው።

ወረቀቱ ወደ ታች የሚወርደው ከንቲባው የሚመረምረው ነገር ስለሌለው ነው። የበላይ አካል ሥራው የበታቹ የወሰነውን ማየት፣ ወይም የበታቹ መወሰን ሲገባው ዝም ማለቱን ማየት ነው። በእርስዎ ጉዳይ ቀበሌውም ክፍለ ከተማውም በቃል ብቻ ስለመለሱልዎ፣ በወረቀት ሲታይ ውሳኔም የለ፣ ዝምታም የለ። ከንቲባው ጽሕፈት ቤት የደረሰው ለመጀመሪያ ጊዜ የቀረበ ጥቆማ ሆኖ ነው፤ ጥቆማ ደግሞ መጣራት ስላለበት ቦታውን ወደሚያውቀው ቀበሌ ይመራል።

እዚህ ላይ የእርከኖቹን ሥራ በእርስዎ ቦይ ላይ አድርገን ብናየው ይሻላል። ቀበሌ ሁለት ገጽ አለው። አንደኛው በነዋሪው የተመረጠው የቀበሌ ምክር ቤትና አስተዳዳሪው ነው፤ ሁለተኛው የዕለት ሥራውን የሚሠራው ሥራ አስኪያጁና ባለሙያዎቹ ናቸው። ቀበሌ ነዋሪነትዎን ያረጋግጣል፣ ቦታውን በአካል አይቶ ቃለ ጉባኤ ይይዛል፣ ጎረቤታሞችን ያነጋግራል፣ ያየውንም ወደ ላይ በጽሑፍ ያስታውቃል። የግንባታ ፈቃድ ግን አይሰጥም፤ የተሠራ ግንብም በራሱ ሥልጣን አያፈርስም። ብዙ ሰው ቀበሌውን «ዝም አለን» ብሎ ሲወቅስ እሰማለሁ፤ ቀበሌው ግንቡን ባለማፍረሱ ሊወቀስ አይገባም፤ ሊወቀስ የሚገባው ያየውን ጽፎ ካላስተላለፈ ብቻ ነው። ከእርሱ መጠየቅ ያለብዎም ይኸው ነው፤ ቦታው ታይቶ የተጻፈ ቃለ ጉባኤ።

ቀበሌን ከልክ በላይ የምንጠብቅበት ምክንያት ታሪክ ያለው ይመስለኛል። ቀበሌ የተወለደው ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት የመንግሥት በሆነበት አዋጅ ቁጥር 47 ነው፤ ወርኃዊ ኪራያቸው እስከ 100 ብር የሆኑ የተወረሱ ቤቶችን እንዲያስተዳድር፣ የራሱ የፍርድ ሸንጎም እንዲኖረው ተደርጎ ነበር። በዚያ ዘመን ቀበሌ ይፈርድም ያስርም ነበርና የወላጆቻችን ትውልድ «ቀበሌ ከወሰነ ያለቀ ነው» ብሎ አደገ። ዛሬ ስሙ ያው ነው፤ ሥልጣኑ ግን ያ አይደለም።

ክፍለ ከተማው በእርስዎ ጉዳይ ዋናው እጅ ነው። ግንባታን የሚቆጣጠረው ክፍል ባለሙያ ሜትር ይዞ ወጥቶ ግንቡን ከጎረቤትዎ ካርታና ፈቃድ ጋር ያስተያያል፣ ማስጠንቀቂያ ይጽፋል፣ ጉዳዩ ከአቅሙ በላይ ከሆነም ወደ ከተማው መምሪያ ያስተላልፋል። ከበላዩ ያለው መምሪያ የከተማውን ፕላን ይይዛል፤ የክፍለ ከተማው ውሳኔ ያልተዋጠለት ሰው አቤት የሚለውም ለእርሱ ነው። የትኛው ሥራ ቀበሌ፣ የትኛው ክፍለ ከተማ ላይ እንደተቀመጠ ከከተማ ከተማ ይለያያል፤ ደሴ ላይ የሚሠራው ኮምቦልቻ ወይም ወልድያ ላይ እንዳለ ላይሠራ ይችላል። ይህን ለማወቅ ሰው መጠየቅ እንኳ አያስፈልግም፤ በየጽሕፈት ቤቱ ግድግዳ ላይ የተለጠፈው የዜጎች ቻርተር እያንዳንዱ አገልግሎት የት እንደሚሰጥና በስንት ቀን እንደሚያልቅ ይናገራል። ፊት ለፊቱ ቆመው በስልክዎ ፎቶ ያንሱት፤ በኋላ «ጊዜው አልፏል» ብለው ሲጽፉ የሚያስረዱት በእርሱ ነው።

ከንቲባው ከከተማው ምክር ቤት አባላት መካከል የሚመረጥ፣ ለምክር ቤቱም ተጠሪ የሆነ ሰው ነው። የእያንዳንዱን አጥር ጉዳይ አይወስንም፤ መምሪያዎቹን ያስተባብራል፣ ሥራቸውን ያልሠሩትን ይጠይቃል። በጽሕፈት ቤቱ ሥር የሚሠራው ቅሬታ ሰሚ ደግሞ የሚመለከተው የበታቹ የሰጠውን ምላሽ ነው። ምክር ቤቱና አፈ ጉባኤው ከግለሰብ ጉዳይ የበለጠ የሚጠቅሙት ነገሩ የብዙ ሰው ሲሆን ነው፤ ለምሳሌ በእርስዎ መንደር ያሉ 15 አባወራዎች ቦዮቻቸው ሁሉ እየተደፈኑ ከሆነ፣ የአካባቢው የምክር ቤት ተወካይ ጉባኤ ላይ እንዲያነሣው መጠየቅ ያስኬዳል። ለአንድ አጥር ግን ያ ረጅም መንገድ ነው።

ስለ ዞን የጠየቁት ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነው። የደቡብ ወሎ ዞን አስተዳደር ቢሮው ደሴ ውስጥ ስለሆነ የደሴ ከተማ የበላይ ይመስላል። አይደለም። የደሴ ከተማ አስተዳደር በደረጃው ከዞን ጋር እኩል ሆኖ በቀጥታ ለክልሉ ተጠሪ ነው፤ ስለዚህ ዞን የሚያስገቡት ማመልከቻ «አይመለከተንም» ተብሎ ይመለሳል፣ ሁለት ሳምንትም ይበላብዎታል። በወረዳ ሥር ባሉ ትንንሽ የወሎ ከተሞች የሚኖሩ ሰዎች መንገዳቸው ሌላ ነው፤ እነርሱ ከማዘጋጃ ቤታቸው ወደ ወረዳ፣ ከወረዳ ወደ ዞን ይወጣሉ። የአዲስ አበባ ዘመድ የሚነግርዎትንም በጥንቃቄ ይስሙ። በ2012 ዓ.ም የወጣው የፌዴራል አስተዳደር ሥነ ሥርዓት አዋጅ ቁጥር 1183 የሚያስገድደው የፌዴራል መሥሪያ ቤቶችን፣ አዲስ አበባንና ድሬዳዋን ነው፤ ይህን አዋጅ ጠቅሶ ደሴ ላይ አቤት የሚል ሰው የመጀመሪያውን ስህተት ራሱ ሠራ ማለት ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልግባ። በእርስዎ ጥያቄ ውስጥ ሁለት አቤቱታ አንድ ላይ ተጠቅልሏል፤ መንከራተቱም በአብዛኛው የመጣው ከዚህ ነው። አንደኛው «መንግሥት የሕዝብ ቦይ ሲደፈን ቁጥጥሩን አልሠራም» የሚል ነው፤ ይህ ከቀበሌ ወደ ክፍለ ከተማ፣ ከዚያም ወደ መምሪያ የሚወጣ የአስተዳደር ጉዳይ ነው። ሁለተኛው «ጎረቤቴ ይዞታዬን አወከ፣ ቤቴን ጎዳ» የሚል ነው፤ ይህን የሚወስነው ፍርድ ቤት እንጂ ከንቲባም አይደለም። አስተዳደሩ ግንቡን ቢያፈርስልዎ እንኳ የተበላሸ ጓዳዎን ካሳ ሊያስከፍልልዎ አይችልም። በአንጻሩ ፍርድ ቤት በእርስዎና በጎረቤትዎ መካከል ያለውን ይፈርዳል እንጂ ከቦዩ በታች ያሉትን ሌሎች ቤቶች ጣጣ አይፈታም። ሁለቱን በአንድ ማመልከቻ ሲቀላቅሏቸው የመንግሥት ሠራተኛው «ይህ የጎረቤት ጠብ ነው፣ ፍርድ ቤት ሂጂ» ብሎ ለመሸኘት ቀዳዳ ያገኛል።

ለክፍለ ከተማው የሚጽፉት አቤቱታ አንድ ገጽ ይበቃዋል። የሚጠይቀውም አንድ ነገር ነው። እንዲህ ያለ ይሁን፤ «በካቻምናው መጋቢት ከቤታችን በላይ ባለው ይዞታ ላይ የተሠራው የአጥር ግንብ ወደ መተላለፊያው ወጥቶ 60 ሳንቲ ሜትር ስፋት የነበረውን የጎርፍ ቦይ በ9 ሜትር ርዝመት ደፍኖታል። ይህ ግንባታ ፈቃድ ያለው መሆኑና ከካርታው ጋር የሚስማማ መሆኑ በባለሙያ ተለክቶ ውጤቱ በጽሑፍ እንዲሰጠኝ፣ ጥሰት ከተገኘም ሕጉ የሚያዘው እርምጃ እንዲወሰድ አመለክታለሁ።» ልኬቱን ራስዎ በሜትር ለክተው ትክክለኛውን ቁጥር ይጻፉ። ጎረቤትዎ ባለጌ ነው፣ ዘመዱ ባለሥልጣን ነው የሚል ቃል አይግባበት፤ እውነት ቢሆን እንኳ ባለሙያው ሜትሩን አስቀምጦ ጠቡን እንዲያነብ ያደርገዋል። ዝናብ እየዘነበ የተነሣ ፎቶ፣ የተቻለ እንደሆነ ግንቡ ሳይሠራ የቦዩን መልክ የሚያሳይ አሮጌ ፎቶ ያያይዙ። የሠርግ ወይም የልቅሶ ፎቶ ጥግ ላይ ቦዩ ተነሥቶ የተገኘበት ጊዜ አውቃለሁ።

ፈቃዱን ማጣራት ለምን መጀመሪያ እንዳደረግሁት ላስረዳ። ጎረቤትዎ ፈቃድ ከሌለው ነገሩ ሕገ ወጥ ግንባታ ነው፤ የሚመለከተው የቁጥጥር ክፍሉን ነው። ፈቃድ ኖሮት ከፈቃዱ አልፎ ከሠራ፣ ያለፈበት ልክ መታወቅ አለበት። ፈቃዱ ራሱ ቦዩን የሚያስደፍን ሆኖ ከተሰጠ ግን አቤቱታዎ በጎረቤትዎ ላይ መሆኑ ቀርቶ በፈቃድ ሰጪው ላይ ይሆናል። በ2001 ዓ.ም የወጣው የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624 ፈቃድ የሚሰጥና የሚቆጣጠር የሕንፃ ሹም፣ በሹሙ ውሳኔ ላይ ይግባኝ የሚሰማ ቦርድም እንዲኖር ያደረገው ለእንዲህ ያለው ጉዳይ ነው። ሦስቱም መንገዶች የተለያዩ ስለሆኑ፣ የትኛው እንደሆነ ሳያውቁ ወደ ላይ መውጣት በጨለማ ደረጃ እንደመውጣት ነው።

ማመልከቻውን 2 ቅጂ አድርገው ይውሰዱ። አንዱን መዝገብ ቤት ያስገቡ፤ በሁለተኛው ላይ የገቢ ቁጥር፣ ቀንና ማኅተም አስደርገው ይዘውት ይመለሱ። «ቁጥሩን በቃል ያዢው» ከተባሉ እሺ አይበሉ። የራሴን አንድ ነገር ልናገር፤ ከዓመታት በፊት የቤተሰባችንን የውሃ መስመር ጉዳይ ለአንድ መሥሪያ ቤት አመለከትሁና፣ ሠራተኛው ስለሚያውቀኝ በቃል ተማምኜ ወጣሁ። ሠራተኛው ተዛወረ፤ ወረቀቱም አልተገኘም፤ 4 ወር ሙሉ ከዜሮ ጀመርሁ። በሌሎች ላይ የምመክረውን በራሴ ላይ አለማድረጌ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

ግልባጭ የሚባለው ነገርም ይታሰብበት። ተስፋ የቆረጠ ሰው ከሥር «ግልባጭ፦ ለከንቲባ ጽ/ቤት፣ ለምክር ቤት፣ ለፖሊስ፣ ለዞን» እያለ 8 መሥሪያ ቤት ይደረድራል። ውጤቱ የሚገርም ነው፤ እያንዳንዱ ሌላው ይዞታል ብሎ ፋይል ውስጥ ይከተዋል። ለክፍለ ከተማው ጽፈው ለቀበሌው አንድ ግልባጭ ቢያደርጉ በቂ ነው፤ ቀበሌው የቦታውን ቃለ ጉባኤ እንዲልክ ያነሣሣዋል።

ከዚያ የዜጎች ቻርተሩ ያስቀመጠውን ቀን ይጠብቁ። ቀኑ ካለፈ «በቁጥር ይህን ያህል፣ በቀን ይህን ያህል ላስገባሁት ማመልከቻ ምላሽ አልተሰጠኝም» የሚል 3 መስመር ማስታወሻ ያስገቡ። ሁለተኛው ማስታወሻም ዝምታ ካስከተለ፣ ወይም «አይቻልም» የሚል የጽሑፍ መልስ ከመጣ፣ አሁን ወደ መምሪያው፣ ከዚያም በከንቲባው ጽሕፈት ቤት ወዳለው ቅሬታ ሰሚ ሲወጡ በእጅዎ ውሳኔ ወይም የተረጋገጠ ዝምታ አለ ማለት ነው። ያኔ ከንቲባው ጽሕፈት ቤት ወረቀቱን ወደ ቀበሌ ሊመራው አይመቸውም፤ የሚጣራው ተጣርቷልና የቀረው ለምን አልተፈጸመም የሚለው ብቻ ነው። በከተማው ውስጥ መፍትሔ ካጡ ቀጣዩ ክልሉ ነው። የኢትዮጵያ ሕዝብ እንባ ጠባቂ ተቋምም አለ፤ አቤቱታ በጽሑፍም በቃልም ያለ ክፍያ ይቀበላል፤ ነገር ግን አስቀድመው ለሚመለከተው አካል አቤት ማለትዎን ይጠይቃል፤ በፍርድ ቤት የተያዘ ጉዳይም አይመረምርም። የሰበሰቡት ባለ ማኅተም ቅጂ የሚጠቅመው እዚያም ነው።

በመካከሉ ጎረቤትዎን በሽማግሌ ማነጋገሩ መልካም ነው። እኛ ወሎዎች የቅሬ ዳኛውንና የሰፈሩን አባቶች ይዘን፣ ሲከብድ አበጋር ጠርተን ስንት ደም የፈሰሰበትን ነገር ስናበርድ ኖረናል፤ አንድ ግንብ አይከብዳቸውም። ሁለት ነገር ግን ይጠብቁ። ስምምነቱ በጽሑፍ ሆኖ «ቦዩን እስከዚህ ቀን እከፍታለሁ» የሚል ቀን የተቆረጠበት፣ ሁለታችሁና ምስክሮች የፈረማችሁበት ይሁን። ሽማግሌም ቢሆን የሕዝብን ቦይ ለአንድ ሰው ሊሰጥ አይችልም፤ «ግንቡ ይቆይ፣ ውሃውን በእርስዎ ግቢ አሳልፉት» የሚል እርቅ ከቀረበልዎ የተበደለውን ሰው እንደገና ማስከፈል ስለሆነ እኔ ብሆን አልፈርምም።

የመጨረሻው የጊዜ ጉዳይ ነው፤ ከሁሉም የሚያሳስበኝም እርሱ ነው። በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 1149 መሠረት ይዞታው የታወከበት ሰው ሁከት ይወገድልኝ ብሎ ክስ ማቅረብ የሚችለው ሁከቱ ከተፈጠረ በ2 ዓመት ውስጥ ነው። ከውል ውጭ ለደረሰ ጉዳት የሚጠየቀው ካሳም በቁጥር 2143 ጉዳቱ ከደረሰ በ2 ዓመት ውስጥ መጠየቅ አለበት። በከንቲባ ጽሕፈት ቤት ያለ ደብዳቤ ይህን ጊዜ ያቆምልኛል ብለው አይመኑ፤ ሰው በቢሮ ደጅ ሲጠና 2 ዓመቱ አልቆ ፍርድ ቤት ሲደርስ በይርጋ የተመለሰበትን መዝገብ ደጋግሜ አይቻለሁ። የእርስዎ ግንብ የተሠራው ካቻምና መጋቢት ነው፤ ስለዚህ የሁከቱ ክስ የሚያበቃው በዘንድሮው መጋቢት ነው። የመጀመሪያው ክረምት ጎርፍ የጓዳ ጉዳት የካሳ ጊዜም በመጪው ክረምት ይሞላል። የአስተዳደሩን አቤቱታ በዚህ ሳምንት ለክፍለ ከተማው ያስገቡ፤ መልሱን ሳይጠብቁ ግን ግንቡ የተጀመረበትን ትክክለኛ ቀን ከግንበኛውና ከጎረቤት አጣርተው፣ ከቀበሌው ቃለ ጉባኤና ከፎቶዎቹ ጋር ይዘው ከጥር በፊት ጠበቃ ወይም ነገረ ፈጅ ያማክሩ፤ ክሱ ከመጋቢት በፊት የወረዳ ፍርድ ቤት መዝገብ ይከፈትለት።